«በት ፈርስት፣ ኮፊ» በአማርኛ፦ ስለ አንዲት የማስታወቂያ ጽሑፍ የተጨቃጨቅንበት ክር

ትርጉምና ማስታወቂያ የምንሠራ ሰዎች በምንገናኝበት መድረክ ላይ ሰሞኑን የተከፈተ ክር ነው። ርዝመቱን አይተው የተዉት ብዙ ስለሆኑ፣ መሀሉም በእግር ኳስ ስለተጥለቀለቀ፣ ከላይ እስከ ታች ልተርክላችሁ። እዚያው ላይ አንድም ቃል አልጻፍኩም። ሐሳብ ስላላጣሁ ግን እየመሀሉ ጣል አደርጋለሁ።

የመክፈቻው ጥያቄ

ክሩን የከፈተችው «ጠቆር ያለ ማኪያቶ» በሚል ስም የምትጽፍ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ካፌን የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ትይዛለች። ባለቤቱ ውጭ አገር ያደገ ነው፤ አማርኛ ይሰማል፣ ማንበብ ላይ ግን ይቸግረዋል። ለሰኞ ጠዋት የሚለጠፍ ፎቶ ከነጽሑፉ በእንግሊዝኛ ላከላት። ጽሑፉ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው። በመጀመሪያው ተናጋሪው ዛሬ ጥሩ ሰው ለመሆን ማሰቡን ይናገራል። ሁለተኛው በየኩባያውና በየቲሸርቱ የምናየው «በት ፈርስት፣ ኮፊ» ነው።

እሷ «ዛሬ ጥሩ ሰው እሆናለሁ። ግን መጀመሪያ፣ ቡና።» ብላ መለሰችው። የቀረ ቃል የለም፣ ግን የሚስቅም የለም አለች። ለእህቷ ስታነብላት እህቷ ቀጥሎስ ብላ ጠበቀቻት። ሌላ አማራጭ ከመስጠታችሁ በፊት የቱ ጋ እንደሞተ ንገሩኝ ነበር ጥያቄዋ። ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ ከመላሾቹ ግማሾቹ ግን አላዩትም።

1ኛ ምላሽ

አስተማሪ የሚመስሉ፣ እጅግ ትሑት ሰው ናቸው። ልጅቷን ካመሰገኑ በኋላ ችግሩ የግሥ ጉድለት መሆኑን ነገሯት። አማርኛ ሐሳቡን የሚዘጋው በግሥ ነውና አንባቢው ግሡን ሲጠብቅ ነጥቡ ላይ ይደርሳል፤ እህቷ ቀጥሎስ ያለችውም ለዚህ ነው አሉ። እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው። ከዚያ መድኃኒቱን ጻፉ፦ «ዛሬ መልካም ሰው እሆናለሁ፤ ነገር ግን በቅድሚያ ቡና እጠጣለሁ።»

2ኛ ምላሽ

ይህኛው ትሕትና አልፈጠረበትም። ከወረዳ የወጣ ማሳሰቢያ ይመስላል፣ የጎደለው ማኅተምና ቲተር ብቻ ነው አለ። «በቅድሚያ» የደብዳቤ ቃል ነው፣ ሐራራው የያዘው ሰው በቅድሚያ አይልም ብሎ ጨመረ። የራሱን አማራጭ አልጻፈም። እንዲህ ያለ ሰው በየክሩ አይጠፋም፤ ያም ሆኖ ሐራራ የሚለውን ቃል ያመጣው እሱ ነው፣ በኋላ ጠቅሟል።

3ኛ ምላሽ

ክሩን ክር ያደረጉት እኚህ ናቸው። «የድሮ ማይክ» በሚል ስም የሚጽፉ፣ በጡረታ ላይ ያሉ የሬዲዮ ማስታወቂያ ጸሐፊ ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ወደ አማራጭ አልሮጡም። መጀመሪያ እንግሊዝኛው ላይ ሳቁ የተቀመጠበትን ቦታ አሳዩ። ተናጋሪው ትልቅ ቃል ይገባል፤ ጥሩ ሰው ሊሆን ነው። ወዲያው ያፈገፍጋል። የሚያፈገፍግበት ምክንያት ደግሞ ትንሽ ነገር ነው፣ ቡና። ትንሿ ነገር መጨረሻ ላይ ዱብ ስለምትል ነው የሚያስቀው። እንግሊዝኛ ስምን መጨረሻ ላይ ጥሎ መሄድ ይችላል። አማርኛ ላይ ግን የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ የግሥ ወንበር ነው፤ ስም ብቻውን ሲቀመጥበት ጸሐፊው ስልክ ተደውሎለት የተነሣ ይመስላል አሉ።

ቀጥለው አሠራራቸውን ነገሯት። ነገሩን በደረቁ በራስሽ ቃል ጻፊው፦ ይህ ሰው ቡና ሳይጠጣ ጠባዩ አይረባም፣ ራሱም ያውቀዋል። ከዚያ እንግሊዝኛውን ዝጊው፣ ዳግመኛ አትይው። አሁን ቃሉ በአማርኛ ምን ይባላል ብለሽ አትጠይቂ፤ ጠዋት ቡናው የዘገየበት ሰው ቤት ውስጥ ምን ይላል ብለሽ ጠይቂ። እሳቸው የሰሟቸውን ደረደሩ። አንዱ ሳልጠጣ አታናግሩኝ ይላል። ሌላው ግንባሩን ይዞ ሐራራዬ ነው ይላል። ሦስተኛው ምንም ሳይናገር ቆይቶ አቦሉን ፉት ካለ በኋላ ተንፍሶ አሁን ሰው ሆንኩ ይላል።

ይህን ሦስተኛውን ያዙ። እንግሊዝኛው ጥሩ ሰው አለ፤ አማርኛ ውስጥ ግን ጥሩ የሚለው ቃል ትርፍ ነው፣ ሰው መሆን ብቻውን ይበቃል። ስለዚህ ሁለቱን ዓረፍተ ነገር አንድ አድርገው «ሰው የምሆነው ከቡና በኋላ ነው።» ብለው ጻፉ። ግንባታውንም አስረዱ። የምሆነው ሲባል አንባቢው መቼ ብሎ ይጠብቃል፣ ድምፁም ከፍ የሚለው መልሱ ላይ፣ ማለትም ቡና ላይ ነው። «ነው» ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይዘጋል። «ግን» ወጥቷል፣ «መጀመሪያ» ወጥቷል፣ ማፈግፈጉ ግን አለ።

እዚህ ጋ ክሩ ቢዘጋ ምን ነበረበት ብዬ ነበር። ባለመዘጋቱ ግን የምንማረው ነገር ተገኘ።

4ኛ እና 5ኛ ምላሽ

አራተኛው ሁለት ቃል ብቻ ጻፈ፦ «ቡና ይቅደም።» ከሁሉም ምላሽ ይልቅ ላይክ የጎረፈለት ይኸው ነው። አጭር ነው፣ ግሥ አለው፣ ባለቤቱ የወደደው «ፈርስት» ውስጡ አለ።

አምስተኛዋ ሴት ናት፤ አጻጻፏ የሰከነ ቢሆንም ንዴቷ ከሥሩ ይታያል። «ይቅደም» የሚለው ግሥ በዚህ ቅርጹ የሚያስታውሰው ደርግ በ1966 ያነሣውን «ኢትዮጵያ ትቅደም» ነው አለች። ያለምንም ደም ተብሎ ተጀምሮ ስንት ደም የፈሰሰበት መፈክር ነው፤ እሷ ቤት ውስጥ ያ ቃል በቀልድም አይነሣም። ከልክላ አልጻፈችም። መልእክቱን የሚጽፈው ሰው ይህን ሳያውቅ እንዳያደርገው ብቻ ነው የፈለገችው፤ አውቆ የሚያደርገው ሰው የራሱ ጉዳይ ነው።

6ኛ ምላሽ

አንድ ወጣት ሊያስተባብል ሞከረ። መፈክሩን የሚያውቁት ሸምገል ያሉት ናቸው፣ የካፌው ደንበኛ ደግሞ የቢሮ ልጅ ነው፤ ለሚያውቀውም ቢሆን ቃሉን ከወታደር አፍ ነጥቆ ለቡና መስጠት ራሱ ቀልድ ነው አለ። ሰም አለው ወርቅ አለው ብሎም ተፈላሰፈ። በከፊል እውነቱን ነው፤ መፈክርን ገልብጦ መሳቅ እኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የዘነጋው የካፌ ገጽ የግል ገጽ አለመሆኑን ነው። ጓደኞችህ መሀል ስትናገረው ፊትህን ያያሉ፣ ቀልድ መሆኑን ያውቃሉ። የድርጅት ዓርማ ሥር ሲጻፍ ፊት የለውም። አምስተኛዋ ይህን መልስ አይታ ዝም አለች፤ ክርክሩ ሳይቋጭ ቀረ።

7ኛ፣ 8ኛ እና 9ኛ ምላሽ

የባሰው መጣ። ሰባተኛው «ቡና ይቅደም» ሲል አንብቦ ስለ ኢትዮጵያ ቡና ክለብ የሚወራ መስሎት ቡኒና ቢጫ ልብ ለጠፈና ሌላ ምንም አልጨመረም። ስምንተኛው የጊዮርጊስ ደጋፊ ነው፤ ቡና መቼ ቀድሞ ያውቃል አለ። ዘጠነኛው ሰባተኛውን ደግፎ የጻፈውን ግማሹን አወያዩ አጠፋበት። እኔ ግን ይህን ክፍል ቀልድ ብዬ አልፌው ልሄድ ስል አቆመኝ። ሳያስቡት ለልጅቷ ትልቅ ውለታ ዋሉላት፤ ያ ጽሑፍ በደርቢ ሰሞን ቢለጠፍ አስተያየት መስጫው ምን እንደሚመስል በነጻ አሳዩዋት። አዲስ አበባ ውስጥ ቡና የሚለው ቃል መጠጥ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

10ኛ ምላሽ

ጠቆር ያለ ማኪያቶ ተመለሰች። ጋሼን አመስግና የጎደለውን ዝርዝር አመጣች። ካፌው የቢሮ ሕንፃዎች መሀል ነው፤ ጠዋት የሚሰለፈው ኩባያውን ይዞ ሊፍት ውስጥ የሚገባ ሰው ነው። ፎቶው ላይ ያለው ክዳን ያለው የወረቀት ኩባያና የተከፈተ ላፕቶፕ ነው። ጀበና የለም፣ ረከቦት የለም፣ የሚሸጠውም ማኪያቶና የማሽን ቡና ነው። ባለቤቱ ደግሞ «ፈርስት» የምትለዋን ቃል አጥብቆ ይዟል፤ ያለሷ ጽሑፉ የእኔ አይደለም ብሏል።

ይህ ሁሉ የመክፈቻው ጥያቄ ላይ መኖር ነበረበት። ፎቶውን ሳያዩ ጽሑፉን መተርጎም አይቻልም፤ አንባቢው ሁለቱን ባንድ ላይ ነው የሚያያቸው።

11ኛ እና 12ኛ ምላሽ

አንድ ሰው ጥያቄውን ጨርሶ ሳያነብ ገባ። ጭማቂ ቤት ሊከፍት ነው፣ የዋጋ ዝርዝሩን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስለት ይፈልጋል፣ በገጽ ስንት እንደሆነም ጠየቀ። አስራ ሁለተኛው ደግሞ ዝርዝሩ ላይ ስፕሪስን ምን ብሎ ሊተረጉመው እንዳሰበ ጠየቀው። ሰውየው ከምሩ አሰበበት፦ የተደረበ ጭማቂ ይሻላል ወይስ ድብልቅ? የሚያስቀው ነገር፣ ሳያውቀው የክሩን ጥያቄ ጠየቀ። ማንም መልስ አልሰጠውም። እኔ ብሆን ስሙን እንዳለ ትቼ ከሥሩ ምን ምን እንዳለበት እጽፍ ነበር።

13ኛ ምላሽ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ነው። ምን ያደክማችኋል፣ እንግሊዝኛውን እንዳለ ተዉት አለ። እዚያ ያሉ የኛ ሰዎች ሱቆች ሁለቱን ቋንቋ ቀላቅለው ነው የሚጽፉት፣ ልጆቹም ቤት ውስጥ የሚያወሩት እንደዚያ ነው፤ የአዲስ አበባም ወጣት እንግሊዝኛ ሲያይ ዘመናዊ ነው ብሎ ይገባል። ካስፈለገ «በት ፈርስት ቡና» በቂ ነው አለ።

14ኛ ምላሽ

መልስ የሰጠችው ተርጓሚ ናት፣ ስለታም ናት። እንግሊዝኛው ይቅር ያለ የለም፣ ባለቤቱ ያንን አውጥቶ ጨርሷል አለች። የአማርኛው ጽሑፍ የሚያስፈልገው የመጀመሪያውን አንብቦ ላልሳቀ ሰው ነው። ለዚያ ሰው ግማሹን እንግሊዝኛ ትተህ ብትሰጠው ሁለት ጊዜ ነው ውጭ ያስቀረኸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ መቀላቀሉ የሚያምረው ሰው በእውነት እንደዚያ ስለሚናገር ነው፤ እዚህ ሲደረግ ማስመሰል ይሆናል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገሯ ትንሽ የሚያቆስል ነበር፣ ሰውየውም ከዚያ በኋላ አልታየም። በነገሩ ከሷ ጋር ነኝ፣ በአነጋገሯ አይደለሁም። ደግሞም የቢሮ ልጅ ጠዋት ለባልደረባው እንዴት ነው የሚናገረው ብንል ሰውየው ከምናስበው በላይ ሳይጠጋ አልቀረም።

15ኛ እና 16ኛ ምላሽ

አስራ አምስተኛው የጋሼን አማራጭ ወደ ማስታወቂያ ለማስጠጋት ፈለገ። ደንበኛውን በቀጥታ ማናገር አለበት፣ በአክብሮት መሆን አለበት፣ የድርጅቱም ነገር መግባት አለበት አለና «ቡናችንን ጠጥተው ሰው ይሁኑ!» ብሎ አቀረበ።

ጋሼ ከት ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸውን በረጅሙ ጻፉት። ከዚያ ግን በቁም ነገር አብራሩ። ሰው ሆንኩ የሚለው አነጋገር በራስ ላይ ሲነገር ቀልድ ነው። ወደ ሌላ ሰው ሲዞር ስድብ ነው፤ እስካሁን ሰው አልነበርክም ማለት ነው። አንቱታው ስድቡን አላለዘበውም፣ አባሰው፤ በክብር የተሰደበ ሰው ሁለት ጊዜ ይሰማዋል። እንግሊዝኛውም ላይ ቢሆን ተናጋሪው እኔ ነው ያለው፣ አንተ አላለም። ያንን መልቀቅ የለብንም አሉ።

ከዚህ ጋር አያይዘው ያነሡት ነገር ለእኔ ከክሩ ሁሉ የበለጠው ነው። እንግሊዝኛ «ዩ» ሲል ለወንዱም፣ ለሴቷም፣ ለሽማግሌውም፣ ለብዙውም አንድ ቃል ነው። እኛ ጋ ጠጣ፣ ጠጪ፣ ጠጡ፣ ይጠጡ አለ፤ አንዱን ስትመርጥ ሌላውን ታስቀራለህ። ብዙ ማስታወቂያ ወደ «ይጠጡ» የሚሸሸው ለዚህ ነው። ግን «ይጠጡ» ባለበት ቀልድ ይከብዳል፣ ሰው ለአንቱ አይቀልድም። «እኔ» ላይ ከቆመ ግን ጣጣው የለም፤ «የምሆነው» ሲል ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት ቃሉ አይለይም፣ አንባቢ ሁሉ የራሱ አድርጎ ያነበዋል። አስራ አምስተኛው ተቀየመ፤ የጋሼ ሳቅ እንዳልተገባው ጻፈ፣ እሳቸውም ይቅርታ ጠየቁት።

17ኛ ምላሽ

«የጀበና እናት» የምትባል፣ አንድ የቢሮ ሕንፃ በር ላይ የጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ናት። እንዴት እዚህ መድረክ ላይ እንደተገኘች አላውቅም፣ ምናልባት ከመካከላችን አንዱ ደንበኛዋ ይሆናል። ስታነብ ቆይታ አንድ ነገር ገርሟታል። መጀመሪያ መጀመሪያ እያላችሁ ስትጨነቁ የመጀመሪያው ቡና ስም እንዳለው ረሳችሁት አለች። «መጀመሪያ አቦል።» ብላ ጻፈች፤ ጠዋት ጠዋት ደንበኞቿ ከወሬ በፊት የሚሏት እሱን ነው።

18ኛ ምላሽ

የቋንቋ ሰው የሆነ አንዱ በደስታ ዘለለ። አቦል ከዐረብኛው «አወል» የመጣ ነው፣ ትርጉሙም ራሱ አንደኛ ማለት ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ የሚወዳት ቃል ከአቦል ውስጥ ተቀምጣለች አለ። ግሥም ባይኖር ችግር የለውም፣ ሰው ሲያዝዝ እንደዚያው ነው የሚለው፤ አንድ ማኪያቶ ሲል ግሥ የጠየቀው የለም። የመጀመሪያውን መላሽ ደንብ በአክብሮት እንደዚህ አላላው፦ ስም ብቻውን መጨረሻ ላይ መቆም ይችላል፣ ሰው በእውነት እንደዚያ የሚናገርበት ሁኔታ ከተገኘ።

ግን ራሱ ቀጥሎ እንቅፋቱን አነሣ። አቦል ሲባል አንባቢው ጀበና ያያል፤ ቄጤማ፣ እጣን፣ ማራገቢያ ያያል፤ ከኋላው ቶናና በረካ እንዳሉም ያውቃል። ፎቶው ላይ ያለው ክዳን ያለው የወረቀት ኩባያ ነው። ቃሉ ቁጭ በሉ ይላል፣ ፎቶው ይዘህ ሩጥ ይላል። አንዱ ተንኮለኛ ገብቶ ቶናውስ ብሎ መጠየቁ አይቀርም አለ።

የጀበና እናት መለሰች፦ ታዲያ ይጠይቃ፣ እንዲጠይቅ አይደል እንዴ የምትጽፉት። ከት ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ሰው አስተያየት መስጫው ላይ ቀልዱን ተቀብሎ ከቀጠለው ጽሑፉ ሠርቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ መለኪያ ከባለሙያዎቹ አንዱም አላመጣም ነበር። ያም ሆኖ ይህን ፎቶ በሚመለከት ከቋንቋው ሰው ጋር ነኝ። ካፌው ጀበና ባይኖረው ምን ነበረበት አይባልም፤ ሰው አቦል ፍለጋ መጥቶ ማሽን ቢያገኝ ቀልዱ በካፌው ላይ ይዞራል።

19ኛ ምላሽ

ልጅቷ ወደ ባለቤቱ ሄዳ ተመልሳ መጣች። «ሰው የምሆነው ከቡና በኋላ ነው።» የሚለውን ልካለት ነበር። እሱ ለአንድ ጓደኛው አሳየው፤ ጓደኛው ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለሰለት፣ የወጣውም ከቡና በኋላ የሰው ልጅ እሆናለሁ የሚል ሆነ። ባለቤቱ ደወለና «ፈርስት» የት ሄደች፣ ሰው ያልሆነውስ ማን ነው ብሎ ጠየቃት።

ይህን ያላለፈበት ተርጓሚ ያለ አይመስለኝም። ደንበኛው ቋንቋውን ካላነበበ የሚፈርደው ተመልሶ በመጣው እንግሊዝኛ ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚያምረው ደግሞ ቃል በቃል የተተረጎመው ነው፣ ማለትም የሞተው።

አስራ አራተኛዋ ተርጓሚ፣ በዚህ ጊዜ ለስለስ ብላ፣ የምታደርገውን ነገረቻት። አንድ አማራጭ ብቻ አትላኪ፣ ሦስት ላኪ። ከእያንዳንዱ ጎን ሁለት ነገር ጻፊ፦ ቃሉ በቁሙ ምን እንደሚል፣ ከዚያም አንባቢው ሲያነበው ምን እንደሚሰማው። ከሦስቱ አንዱ ቃል በቃል የተተረጎመው ይሁን፣ እሱንም ከጎኑ ያልተቋጨ ዓረፍተ ነገር ይመስላል ብለሽ ጻፊበት። ደንበኛው ራሱ አወዳድሮ ይጥለዋል፤ አንቺ ስትጥይው ግን ይከራከርሻል። የጓደኛውን ፍርድ በሚመለከት ደግሞ አማርኛውን ብቻ እንዲያሳየውና ተርጉምልኝ ሳይል ምን ተሰማህ ብሎ እንዲጠይቀው አድርጊ አለች። ተርጉም የተባለ ሰው ቃል ይቆጥራል፤ ምን ተሰማህ የተባለ ሰው ወይ ይስቃል ወይ አይስቅም።

20ኛ ምላሽ

አንድ የግራፊክ ባለሙያ ገብቶ ማንም ያላሰበውን አነሣ። ጽሑፉ ፎቶው ላይ በትልቁ የሚሰፍር ከሆነ እንግሊዝኛው በሁለት መስመር ቁልጭ ብሎ ይገባል። የጋሼ ዓረፍተ ነገር በስልክ ስፋት ሲሰበር ግን «ነው።» ብቻዋን ሦስተኛ መስመር ላይ ትወድቃለች፤ ያኔ ዓይን መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው፣ ቡናን አይደለም። መስመሩ ከ«የምሆነው» በኋላ እንዲሰበር፣ «ከቡና በኋላ ነው።» ደግሞ ባንድነት እንዲሆን መከረ። ወይም «ነው» ትቅር አለ።

ነገሩ እዚህ ላይ እንደገና ጋለ። የመጀመሪያው መላሽ፣ ትሑቱ ሰውዬ፣ «ነው» እንዳትነካ ብለው ተነሡ። ጋሼ ደግሞ በሬዲዮ ቢሆን አትነካም፣ ጆሮ መዝጊያ ይፈልጋል፤ ፎቶ ላይ ግን የፎቶው ጠርዝ ራሱ መዝጊያ ስለሆነ ብትቀር አይከፋኝም አሉ። አምስተኛዋ ሴት ያለ «ነው» ስታነበው መልስ እንደሚሰጥ ሰው እንደሚሰማት፣ ከነ«ነው» ደግሞ እንደሚናዘዝ ሰው እንደሚሰማት ጻፈች። ሁለቱም ትክክል ይመስለኛል፤ የቱ ይሻላል ለሚለው እስካሁን ስምምነት የለም።

21ኛ ምላሽ

ጠቆር ያለ ማኪያቶ ውጤቱን ይዛ መጣች። ሦስቱን አማራጭ እንደተመከረችው ጎን ለጎን አድርጋ ላከች። ባለቤቱ ቃል በቃሉን ራሱ ጣለው፤ ምን ተሰማህ ተብሎ የተጠየቀው ጓደኛውም «ሰው የምሆነው» የሚለው ላይ ሳቀ። ባለቤቱ ግን «ፈርስት»ን ጨርሶ አልለቀቀም። በመጨረሻ የተስማሙት ፎቶው ላይ «ሰው የምሆነው / ከቡና በኋላ ነው።» እንዲሆን፣ ከፎቶው ሥር በሚጻፈው ላይ ደግሞ «ኢሜይሉ ይቆይ፣ አለቃም ይቆይ። ቡናው ይምጣ መጀመሪያ።» እንዲጨመር ነው። ሁለተኛውን ራሷ ነው የጻፈችው። ጋሼ «መጀመሪያ» ከግሡ በኋላ መምጣቱን ወደዱት፤ ሰው ሲቸኩል እንደዚያ ነው የሚናገረው አሉ። ትሑቱ መምህር ሥርዓተ ነጥቡን ብቻ አርመው አለፉ።

ሰኞ ጠዋት ተለጠፈ። አስተያየቶቹን በሙሉ አላመጣችም፤ አንዱን ግን ነገረችን። አንዲት ደንበኛ የእኔ አለቃ በሦስተኛውም አልሆነም ብላ ጽፋለች። ሰው የሚለውን ቃል እንኳ አልደገመችም፤ ከሥሩ ሌሎች ስለ አለቆቻቸው ቀጠሉ። ባለቤቱ ትርጉሙን ሲሰማ ደነገጠ፣ አለቆችም ደንበኞቼ ናቸው ብሎ ሊያጠፋው ፈለገ። ይጥፋ ወይስ ይቆይ ብላ ጠየቀች።

ከዚያ በኋላ

ከ22ኛው ጀምሮ ያለው ሁሉ በዚህ ላይ ነው። ገሚሱ ይቆይ ይላል፤ ስድቡን የጻፈችው ደንበኛ እንጂ ካፌው አይደለም፣ ስምም አልተጠራም። አስራ አምስተኛው፣ ያ የተቀየመው ሰው፣ እኔን የሳቃችሁብኝ ሌላውን ሰው አይደለህም ስላልኩ አልነበር ወይ፣ አሁን ያው መጣ አለ። መልስ ያጣሁለት ነጥብ ነው። ጋሼ ደንበኛ ሲለውና ካፌው ሲለው አንድ አይደለም ብለው ሊያልፉት ሞከሩ፣ እሱ ግን አልረካም።

የጀበና እናት በበኩሏ «መጀመሪያ አቦል» የሚለውን በካርቶን ላይ ጽፋ በርጩማዋ አጠገብ አቁማ ፎቶውን ለጥፋለች። የቋንቋው ሰው ቃለ አጋኖውን እንድታነሣ መክሯታል፤ እሷ ሦስት ነበር ያደረገችው፣ አንዱን ብቻ ሰረዘች።